በለውዝ ቅቤሽ ላይ የተለያየው ማባዣው ነው

«አንዱን የለውዝ ቅቤ ሁለት ላቦራቶሪ አስመረመርኩት። አንዱ ፕሮቲኑ 28.9 በመቶ ነው አለኝ፣ ሌላው 25.2። የቱን ልመን?»

እህቴ፣ ሌብል ሳታሳትሚ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። እኔ የነቃሁት ካሳተምኩ በኋላ ነው።

1. ካልኩሌተር ያዢና 28.9ን ለ6.25፣ 25.2ን ለ5.46 አካፍዪ። ሁለቱም 4.62 ይሰጡሻል። ይህ የናይትሮጅኑ መጠን ነው፤ ሁለቱም ላቦራቶሪዎች የለኩት እሱን ነው። በኬልዳል ዘዴ ናሙናው በሰልፈሪክ አሲድ ይፈላና የወጣው ናይትሮጅን ይለካል፣ ከዚያ በአንድ ቁጥር ተባዝቶ «ፕሮቲን» ተብሎ ይጻፋል። ፕሮቲኑን ራሱን የለካው የለም።

6.25 የመጣው ከፕሮቲን ክብደት 16 በመቶው ናይትሮጅን ነው ከሚል ግምት ነው። ለሥጋና ለእንቁላል ይስማማል። የለውዝ ፕሮቲን ግን አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ይበዛበታል፤ የአርጂኒን ክብደት ደግሞ ሲሶው ገደማ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ የለውዝ ፕሮቲን ናይትሮጅን ወደ 18.3 በመቶ ይጠጋል፣ ማባዣውም ወደ 5.46 ይወርዳል። ይህን ቁጥር ያወጣው ጆንስ የተባለ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኬሚስት ነው፣ በ1931 እ.ኤ.አ.። የስንዴ ዱቄት በ5.70 ይባዛል። የወተት 6.38 ስለሆነ በ6.25 ካሰሉት ጭራሽ ያንሳል።

2. የትኛውን ማባዣ እንደተጠቀሙ በጽሑፍ አስሰጪ። እኔ አልጠየቅኩም። የምርመራ ወረቀቴ ላይ «ፕሮቲን 29.5» ብቻ ነበር፣ አምኜ 4,000 ሌብል አሳተምኩ። ገዢዬ በራሱ አስመርምሮ 25.8 አገኘና «ቁጥር ጨምረሻል» ብሎ ዕቃውን መለሰልኝ። ላቦራቶሪው ሄጄ ስጠይቅ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ውጤትሽን ወስደሻል» አለኝ። ሦስት ቀን ተመላልሼ የናይትሮጅኑን ቁጥር አስጻፍኩ፤ 4.72 ነበር። በ5.46 ስታባዢው 25.8 ይመጣል። ወረቀቱን ይዤ ገዢዬ ፊት አሰላሁለት፣ አጭበርባሪ አለመሆኔን አምኖ ይቅርታ ጠየቀኝ። የሌብሉን ገንዘብ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

6.25 መጠቀም ግን በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው የኮዴክስ ኮሚሽን የሥነ ምግብ መግለጫ መመሪያ ለዚያ ምግብ ሌላ ማባዣ ካልተቀመጠ በስተቀር በ6.25 ይሁን ይላል፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ6.25 ያሰላል። ስለዚህ ገዢሽ የሚፈልገውን አስቀድመሽ እወቂ። ከሌላ ሰው ሌብል ጋር ስታወዳድሪም መጀመሪያ ሁለቱን ወደ ናይትሮጅን መልሻቸው።

3. አካፍለሽ ናይትሮጅኑ ካልገጠመ ችግሩ ማባዣው አይደለም። የለውዝ ቅቤ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳይማሰል ከላይ የተቀዳ ናሙና ፕሮቲኑ ዝቅ ይላል። እስከ ታች አማስለሽ ወዲያው ለሁለት ክፈዪና ለሁለቱም ላቦራቶሪዎች ከዚያው ስጪ።