ዜሮና ኔጌቲቭ ፓወር፦ ሕጉን የሚያውቅ ተማሪ ወርክሽቱ ላይ ለምን ይስታል?

«ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ታናሽ ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነው። የፓወር ሕጎችን በቃሉ ይላቸዋል፤ ወርክሽት ላይ ግን ዜሮና ኔጌቲቭ ፓወር ያለበትን ሁሉ ይስታል። ከየት ልጀምርለት?»

እህቴ፣ ሕጎቹን በቃሉ ከያዘ ሌላ ሕግ አትጨምሪበት። እንዲህ ያለ ተማሪ የሚሳሳተው ከሕጉ በፊት፣ ጥያቄውን ሲያነብ ነው። ፓወሩ በምን ላይ እንደተቀመጠ ሳያይ ወደ መደመርና ማባዛት ይሮጣል። ስለዚህ ሥራሽ ማንበብ ማስተማር ነው።

1ኛ. ከልጁ በፊት ወረቀቱን መርምሪ። በእጅ የተጻፈ ጥያቄ ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ ፓወሩ ከፍ ተደርጎ ካልተቀመጠ 5⁰ የነበረው 50 ይሆናል፣ 2⁻³ የነበረውም 2-3 ሆኖ ይታተማል። ከፋይል ተገልብጦ በቴሌግራም ሲላክም ፓወሩ ወርዶ ከቤዙ ጋር ይሰለፋል። የኮፒ ኮፒ ሲነሳ ደግሞ የፓወሯ ማይነስ ትጠፋና 2⁻³ እንደ 2³ ይነበባል። ልጁ 2-3 የሚለውን አይቶ −1 ብሎ ሲመልስ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝበታል። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ልጁ ወረቀቱ ላይ ያለውን በትክክል ሠርቷል፣ ጥፋቱ ወረቀቱን ሳያይ ያባዛው ሰው ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ርዕሱ ስለ ፓወር ሆኖ ሳለ አንድም ከፍ ያለ ቁጥር የሌለበት ጥያቄ ካጋጠመሽ ፓወሩ ወርዷል ማለት ነው። ከመጀመሩ በፊት በእስክሪብቶ አስተካክዪው። አንቺም በስልክ ስትልኪለት 2^(-3) ብለሽ በቅንፍ ጻፊ።

2ኛ. በእርሳስ ያክብብ። እያንዳንዱን ፓወር ሲያይ፣ ፓወሩ የተቀመጠበትን ነገር ብቻ ያክብበው። ፓወር የሚነካው በስተግራው ተጠግቶት ያለውን አንድ ነገር ነው፤ ያ ነገር ቅንፍ ከሆነ ቅንፉ ውስጥ ያለውን በሙሉ ይነካል። እነዚህን አራቱን ጎን ለጎን ጽፈሽ ስጪው፦

5x⁰ = 5
(5x)⁰ = 1
−5⁰ = −1
(−5)⁰ = 1

በመጀመሪያው ክቡ ውስጥ የሚገባው x ብቻ ነው። x⁰ 1 ይሆናል፣ 5 ግን ውጭ ስለቀረ 5 × 1 = 5። በሁለተኛው ቅንፉ በሙሉ ይከበባል፤ ስለዚህ መልሱ 1 ነው። ሦስተኛው ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ፤ ማይነሷ ከክቡ ውጭ ናት፣ 5⁰ ተሠርቶ 1 ከሆነ በኋላ ትመጣበታለች። በአራተኛው ማይነሷም ቅንፉ ውስጥ ስላለች አብራ ትከበባለች። x ዜሮ አለመሆኑን ደግሞ ከአሁኑ ይልመድ፤ ሕጉ የሚሠራው ቤዙ ዜሮ ካልሆነ ነው።

«5⁰ ለምን ዜሮ አይሆንም?» ካለሽ «ሕግ ነው» ብለሽ አትዝጊበት። 5³ ÷ 5³ አሠሪው። 125 ለ125 ሲካፈል 1 እንደሆነ ያውቃል። በማካፈል ሕግ ደግሞ ፓወሮቹ ይቀናነሱና 5³⁻³ = 5⁰ ይመጣል። አንድ ስሌት ሁለት መልስ ሊኖረው ስለማይችል 5⁰ የግድ 1 ነው። ተማሪው ዜሮ የሚለው 5⁰ን 5 × 0 አድርጎ ስለሚያነበው ነው። ያን ንባብ ካላስጣልሽው ነገም 2³ን 6 ይልሻል።

3ኛ. ኔጌቲቭ ፓወር። እዚህ ላይ ረጋ በይ፤ አብዛኛው ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ልጁ ማይነስ ሲያይ መልሱ ከዜሮ በታች ይመስለዋልና 2⁻³ን ወይ −8 ወይ −6 ይለዋል። ጎጃም የጤፍ አገር ነውና በጤፍ አሳዪው። 8 ኩንታል ጤፍ 2³ ነው እንበል። ፓወሩ በአንድ በቀነሰ ቁጥር ጤፉ በግማሽ ይቀንሳል፦ 2² ላይ 4 ኩንታል፣ 2¹ ላይ 2፣ 2⁰ ላይ 1 ኩንታል። እዚህ አይቆምም። 2⁻¹ ግማሽ ኩንታል፣ 2⁻² ሩብ፣ 2⁻³ ደግሞ የኩንታል አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 12.5 ኪሎ ነው። ጤፉ አነሰ እንጂ ዕዳ አልሆነም። የፓወር ማይነስ የምትለው «ገልብጥ» ብቻ ነው፤ 2⁻³ = 1/2³ = 1/8።

ይህን ከያዘ በኋላ ሁለቱን ማይነሶች ይለይ። ከቤዙ ጋር ያለችው ማይነስ የምልክት ናት፣ ከፓወሩ ጋር ያለችው የመገልበጥ ናት፤ አንዷ የሌላዋን ሥራ አትሠራም።

(−2)⁻³ = −1/8
(−2)⁻⁴ = 1/16
−2⁻⁴ = −1/16

በመጀመሪያው ሲገለበጥ 1/(−2)³ ይሆናል፤ 3 ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ ኔጌቲቩ ይቀራል። በሁለተኛው 4 ተጋማሽ ነውና ኔጌቲቩ ይጠፋል። በሦስተኛው ቅንፍ ስለሌለ ክቡ ውስጥ 2 ብቻ ነው ያለው፤ ማይነሷ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች።

ክቡ 4x⁻² ላይም ያድነዋል። የሚገለበጠው x ብቻ ስለሆነ መልሱ 4/x² ነው። ተማሪው ግን 4ንም አብሮ ያወርድና 1/(4x²) ይጽፋል። ያ ትክክል የሚሆነው ጥያቄው (2x)⁻² ቢሆን ነበር።

አሁን ሁሉም የተቀላቀለበትን አንድ ጥያቄ ላሳይሽ፤ ወርክሽቶች መጨረሻ ላይ የሚመጣው ዓይነት ነው። x እና y ዜሮ አይደሉም፦

(2x⁻³y⁰)⁻² × 8x⁻²

መጀመሪያ y⁰ን 1 አድርጎ ያስወጣው። ቅንፉ ውስጥ 2x⁻³ ይቀራል። የውጭው −2 ቅንፉ ላይ ስለተቀመጠ 2ንም x⁻³ንም ይነካል። 2⁻² = 1/4። ፓወር በፓወር ላይ ሲመጣ ስለሚባዛ (−3) × (−2) = 6፣ x⁶ ይሆናል። ስለዚህ ቅንፉ በሙሉ x⁶/4 ነው። በ8x⁻² ሲባዛ 8 ለ4 ሲካፈል 2፣ x ላይ 6 + (−2) = 4። መልሱ 2x⁴።

ከትክክለኛው መልስ ይልቅ የሚጠቅምሽ የተሳሳተው ነው፤ የት እንደሳተ ራሱ ይናገራል። −32x⁴ ካመጣ 2⁻²ን −4 ብሎታል፤ ወደ ጤፉ መልሺው። 16x⁴ ካመጣ የውጭውን −2 ለx ብቻ ሰጥቶ 2ን ረስቷል፤ አላከበበም። x⁴/32 ካለሽ 8ን ከx⁻² ጋር አብሮ ገልብጧል። 2x⁻⁷ ከሆነ −3 እና −2ን ማባዛት ሲገባው ደምሯቸዋል። ገና ከመጀመሪያው «አይሠራም» ወይም 0 ብሎ ከተወው y⁰ን ዜሮ አድርጎታል። ወረቀቱ ላይ X አድርጎ ከማለፍ ይልቅ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ መለየት ይሻላል፤ ሁሉንም እንደገና ሥራ ብለው የሚመልሱ አስጠኚዎች አሉ፣ ልጁ ግን ያንኑ ስህተት ደግሞ ይመጣል።

መልሱን ራሱ እንዲያረጋግጥም አስለምጂው። በx ቦታ ቁጥር ያስገባና ጥያቄውንና መልሱን ለየብቻ ያስላ። x = 2 ቢያደርግ 2x⁻³ 1/4 ይሆናል፤ 1/4 በ−2 ፓወር ሲገለበጥ 16 ነው፤ 8x⁻² ደግሞ 8/4 = 2። 16 × 2 = 32። መልሱም 2 × 2⁴ = 32። ተስማሙ። በ1 ግን እንዳይሞክር፤ 1 በምንም ፓወር 1 ስለሆነ 2x⁴ንም የተሳሳተውን 2x⁻⁷ንም እኩል 2 አድርጎ ያልፍበታል። 2ም ቢሆን አንዳንዴ ይሸውዳል፤ 2x⁴ እና x⁵ በ2 ሁለቱም 32 ናቸው። ጥርጣሬ ካለ በ3 ይድገመው፤ አንዱ 162፣ ሌላው 243 ይሆናል።

በማሽን ማረጋገጥ ከፈለገ ቅንፉን ራሱ ያስገባ። ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ላይ −3² ሲጻፍ −9 ይመጣል፣ በሒሳብ ሕግም ልክ ነው። ኤክሴል ላይ =-3^2 ብትጽፊ ግን 9 ይሰጥሻል፤ ማይነሷን ከፓወሩ አስቀድሞ ስለሚሠራ ነው። ልጁ በኤክሴል አይቶ «መምህሬ ተሳስቷል» ካለሽ ምክንያቱ ይህ ነው።

ማካፈል ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ x² ÷ x⁻³ ሲመጣ 2 − (−3) ብሎ በቅንፍ ይጻፍ፤ መልሱ x⁵ ነው። ቅንፉን ሲዘል ነው x⁻¹ የሚመጣው።

መደመር ያለበትን ግን ለብቻው አስቀምጪለት፤ የፓወር ሕጎች ለማባዛትና ለማካፈል ናቸውና ድምር ውስጥ አይገቡም። (2⁻¹ + 3⁻¹)⁻¹ን ልጁ ፓወሮቹን አባዝቶ 2 + 3 = 5 ይለዋል። ሥራው እንዲህ ነው፦ ውስጡ 1/2 + 1/3 = 5/6፣ ከዚያ በሙሉ ሲገለበጥ 6/5። መልሱ ከ5 በጣም ይርቃል።

እነዚህን ሦስቱን ዛሬ ማታ ስጪውና መልሱን እዚሁ ጻፊልን፦ 7x⁰ + (7x)⁰፣ (2/3)⁻²፣ እና 3/x⁻²። ትክክለኛዎቹ 8፣ 9/4 እና 3x² ናቸው። የመጀመሪያውን 2 ካለ 7ን አብሮ አክብቧል፤ ሁለተኛውን −4/9 ካለ መገልበጧን ማይነስ ከምልክት ጋር አምታቷታል፤ ሦስተኛውን x²/3 ካለ ፓወሩ ያልነካውን 3 አብሮ ገልብጧል።