ሁለት ደብዳቤ ይጻፉ፤ አንዱን ብቻ ይላኩ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ ድርጅት ውስጥ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከክፍሌ የሁለት ሰው ስም እንዳቀርብ ታዝዤ አቀረብኩ፤ ሁለቱም ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የእኔም የሥራ መደብ መታጠፉ ተነገረኝ። የመሥሪያ ቤት ኢሜይሌ ዓርብ ማታ ይዘጋል። ለቀሩት ልጆች የስንብት መልእክት ልጽፍ ስቀመጥ ሁለት ገጽ ምሬት ይወጣኛል፤ እሱን ደምስሼ ስጀምር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦ «እንደ አንድ ቤተሰብ ነበርን። ማን ምን እንዳደረገ ጊዜ ይገልጠዋል። ያስቀየምኩት ካለ አውፍ ይበለኝ።» ባለቤቴ «በራሴ ፈቃድ ለቀቅሁ በይ፤ ደሴ ላሉት ዘመዶች ወሬ አናቀብል» ይላል። በዚህም ተኳርፈናል። ከወጡት አንዷ ስሟን የሰጠሁት እኔ መሆኔን አታውቅም። ምን ብዬ ልጻፍ? (ወ. ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ሁለቱን ገጽ ምሬት አይደምስሱት። ከኢሜይል ሳጥኑ አውጥተው በእጅዎ፣ በወረቀት ይጻፉት። በኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ምሬት ሌሊት በአንድ ጠቅታ ሊላክ ይችላል፤ በደብተር ላይ ያለው ግን አይላክም። በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከሥራ የተቀነሱ ባለሙያዎች ስለ ቅነሳው የሚያስቡትንና የሚሰማቸውን በቀን 20 ደቂቃ፣ ለአምስት ተከታታይ ቀናት እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። እነዚህ ሰዎች ስለ ዕለት ዕቅዳቸው ብቻ ከጻፉት ይልቅ ቶሎ ሥራ አገኙ። የሚገርመው ብዙ ማመልከቻ ስላስገቡ አልነበረም። አጥኚዎቹ የገመቱት ንዴታቸው ስለበረደ፣ ቀጣሪ ፊት ሲቀርቡ ስለ ቀድሞው መሥሪያ ቤት በሰከነ አንደበት መናገር ስለቻሉ ነው። ጽሑፉ ለአለቃ ወይም ለባልደረባ የሚላክ ደብዳቤ እንዳልነበረ ልብ ይበሉ። ስለዚህ ንዴትዎ አንባቢ አያስፈልገውም። ሲጽፉ ግን ስድብ ከመደርደር አልፈው «ከሁሉ ያመመኝ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ስም ስጪ ተብለው ከሰጡ በኋላ መባረርዎ ይመስለኛል፤ እዚያ ላይ ይቆዩ።

የሚላከው ደብዳቤ ለእርስዎ አይደለም፤ በወንበራቸው ለቀሩት ነው። ከቅነሳ የተረፉ ሠራተኞች የወጡት ሰዎች እንዴት እንደተሸኙ አጥብቀው ይመለከታሉ፤ ለሥራቸው ያላቸው ልብም በዚያ ይነካል። የተረፈው ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማዋል፦ እፎይታ፣ በእፎይታውም ማፈር። ‹ቀጣዩ እኔ እሆን?› የሚለውም አለ። ረቂቅዎን በእነሱ ዓይን እናንብበው።

«እንደ አንድ ቤተሰብ ነበርን» የሚለው ከልብዎ ነው። ነገር ግን ሦስት ሰው ከመካከላቸው በደብዳቤ ተሸኝቶ ላዩ ሰዎች ይህ ቃል ሊያም ይችላል። በቦታው አብራችሁ ያለፋችሁትን አንድ እውነተኛ ቀን ይጥቀሱ፤ ፍቅሩ ከዚያ ይነበባል።

«ጊዜ ይገልጠዋል» ሽሙጥ ነው። በእኛ ዘንድ ሰም ለበስ ንግግር የሚያምር ቢሆንም እዚህ ቦታው አይደለም። አሥር ሰው አሥር ተጠርጣሪ ያወጣለታል፤ አለቃዎም ያነበዋል፣ ምክንያቱም የስንብት ኢሜይል ተላልፎ መላኩ አይቀርም። የመጨረሻው ጉዳት የሚያርፈው መልስ ልጻፍ ወይስ ዝም ልበል ብሎ በሚጨነቀው ጀማሪ ሠራተኛ ላይ ነው።

«አውፍ ይበለኝ» የሚለው ላይ ግን ረዘም ብዬ ልቆይ። ሰው ሲለያይ ይቅር መባባሉ የወሎ ወግ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን የጅምላ ይቅርታ እዳውን ለባለቤቱ ሳያደርስ የከፋዩን ልብ ያቀላል። በእርስዎ ጉዳይ እዳው የማን እንደሆነ ያውቁታል። ኢሜይሉን ከመላክዎ በፊት ልጅቷን በአካል ያግኟት፣ ካልሆነም ይደውሉላት። «ስምሽን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሰጠሁትም በዚህ ምክንያት ነው» ይበሉ፤ ትክክለኛውን ምክንያት ይንገሯት። የራስዎን ድርሻ ብቻ እንጂ የሌሎችን ስም አያንሱ። «እኔም ተቀነስኩ» ማለትን ለማስተዛዘኛ አያቅርቡት፤ እዳ ማጣፊያ ሆኖ ይሰማታል። ይቅርታዋንም በዚያው ሰዓት አይጠብቁ። ብትቆጣ ቁጣው የሚገባት ነው፤ ከሌላ አፍ ብትሰማው ግን ይብሳል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ የደሴ ዘመድ «ምን አጥፍታ ይሆን?» እንዳይል ስምዎን ለመከለል ነው። ሐሳቡ ግን አይሠራም። የሥራ ባልደረቦችዎ እውነቱን ያውቃሉ፤ «በፈቃዴ ለቀቅሁ» ሲሉ ቢያነቡ መቀነስ የሚያሳፍር ነገር ነው ብለው ይማራሉ። በዚያ ላይ መልቀቅና መቀነስ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም፤ የስንብት ክፍያዎን የሚነካ ቃል በገዛ እጅዎ ሊጽፉ ይችላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ መሪነት የተቀጠሩትን ስለማይሸፍን የእርስዎ መደብ የት እንደሚወድቅ የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ፤ እስከዚያ ምንም አይፈርሙ። ለቤቱ ኩርፊያ ግን ክርክር አያስፈልገውም። ‹ማን ትክክል ነው?› የሚለውን ትተው፣ ለዘመድ የምትናገሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ ቅረጹ፤ ለምሳሌ «ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ፤ የእሷም መደብ ታጠፈ።» ከዚህ በላይ ለጠየቀ ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ባለቤትዎ የፈሩት ወሬውን ከሆነ፣ የጋራ ቃል መኖሩ ያሳርፋቸዋል።

አሁን ደብዳቤው። እንዲህ ቢሆን ብዬ እጽፈዋለሁ፤ የእርስዎን እውነት ይተኩበት፦

«ውድ የክፍሌ ባልደረቦች፣ ድርጅቱ ወጪ ለመቀነስ በወሰደው ርምጃ የእኔም የሥራ መደብ ታጥፏል፤ የመጨረሻ ቀኔ ዓርብ ነው። ከእኔ ቀድመው የወጡት ሁለቱ ባልደረቦቻችንም የወጡት በዚሁ ቅነሳ እንጂ በጥፋት አይደለም። መብራት በጠፋበት የዓመት መዝጊያ ሌሊት በሻማ ቆጠራውን የጨረሳችሁትን አልረሳም። በእጄ ያሉትን ሥራዎች ለማን እንዳስረከብኩ ከዚህ በታች ጽፌአለሁ። ስለ ሥራው ምስክርነቴን የሚፈልግ ቢኖር በግል ስልኬ ይደውልልኝ። ቁጥሩ ከስሜ ሥር ይገኛል።»

የወጡት ያለ ጥፋት መሆኑን የሚናገረውን መስመር በምንም አያውጡት። እርስዎ ብቻ ሊሉት የሚችሉት ነው፣ ለሁለቱም ሰዎች በከተማው ውስጥ ስማቸው ነው። ልጅቷን ያነጋገሩት ቀደም ብለው ከሆነ ደግሞ ይህ መስመር ባዶ ቃል አይሆንም። «ሥራ አገኝላችኋለሁ» ብለው ግን አይጨምሩ፤ በዚህ ሳምንት ያለው ልብ ከሚችለው በላይ ቃል ይገባል። የድርጅቱን ፋይል ወይም የደንበኛ ዝርዝርም ወደ ግል ኢሜይልዎ አያሻግሩ።

ዓርብ ማታን አይጠብቁ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ይላኩትና ዓርብ በሥራ ቦታዎ ይዋሉ፤ መምጣት የፈለገ መጥቶ እጅዎን ይጨብጥ፣ ቡናም ከተፈላ አብረው ይጠጡ። ጥቂቶች በጽሑፍ አይመልሱልዎትም። ዝምታቸውን እንደ ክህደት አይቁጠሩት፤ ስሙ በቀጣዩ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ የሚፈራ ሰው በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ስሜቱን አይጽፍም። ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደውላሉ፤ ስልኩን ያኔ ያንሱላቸው።