እንኳን ማረህ ብሎ መጀመር

«ጓደኛዬ ከከባድ ሕመም ድኖ ጎንደር ቤቱ ገብቷል። በሽታውን ሳላነሳ ደስታዬን እንዴት ልጻፍለት?»

«እግዜር ይማርህ» አትበለው፤ እሱ ለታመመ ሰው ነው። ለዳነ ሰው «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይባላል። ሙስሊም ከሆነ «እንኳን አላህ ማረህ» በለው። ሕመሙ እዚያች ቃል ውስጥ አለ፣ ሌላ አይጨመርበት። ከዚያ ወደፊት ብቻ ጻፍ። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦

«ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረህ! ደስታዬ ወደር የለውም። ጃንተከል ዋርካ ጋ ብቻዬን ሳልፍ ከተማው ጭር ይልብኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ቡና ይፈላል፤ እናቴ ዳቦውን የምትደፋው ላንተ ነው። መውጣት ካልተመቸህ ጀበናውን ይዤ እኔ እመጣለሁ። መልስ ለመጻፍ አትቸገር።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። ሰው ሁሉ ሲደውልለት ምላሽ መስጠቱ ራሱ ያደክመዋል። «በጣም ፈርተን ነበር» ካልከው ደግሞ አንተን ማጽናናት ይጀምራል። «ከስተሃል» የሚለውም ይቅር። «አሁንማ ጨርሶ ለቀቀህ» አትበል፤ ገና ቀጠሮ ሊኖረው ይችላል። ቡናው ላይ እሱ ራሱ ካነሳው ግን ወሬ አትቀይርበት፣ አዳምጠው።