መላላጫው የሱ ነው

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ አስቁማ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ውጭ ላለው ወንድሜ ለፋሲካ ‹ያላንተ ዶሮው አይበላም› ብዬ ብልክለት ይከፋው ይሆን?» አለችኝ። ቸኩዬ ነበርና የሆነ ነገር ብያት አለፍኩ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ የገባው በ1983 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስልክ ብርቅ ነበር። ደብዳቤ ደግሞ ወር ገደማ ይፈጃል። ለፋሲካ እንዲደርስለት የምጽፈው ገና በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሰሞን ነበር። በዓሉ ሳይመጣ ስለ በዓሉ ምን ይጻፋል? «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፣ እኛ ደህና ነን» ብቻ።

እሱ ግን ይጠይቃል። «የቅዳሜውን ቀጤማ ማን አሰረላችሁ? ዶሮውን ማን ባረከው? መላላጫው ለማን ደረሰ?»

እናታችን ዶሮዋን 12 ብልት አድርጋ ነው የምትሠራው። የየሰው ድርሻ ይታወቃል። ፈረሰኛው የአባታችን፣ መላላጫው የወንድሜ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ተልባችንን ጠጥተን ልንገድፍ ስንቀርብ፣ መጀመሪያ መላላጫውን ከነእንቁላሉ በትንሽ ሳህን ታወጣለች። «ይሄ የሱ ነው» ትልና ትከድነዋለች። ማንም አይነካውም። በማግስቱ ለጎረቤት ልጅ ትሰጠዋለች።

ይህን አንድም ቀን አልጻፍኩለትም። ሆዱ ይባባል ብዬ ነው። «ሁሉም ደህና ነው፣ አታስብ» እያልኩ ዘለልኩት።

በ1991 ዓ.ም. እናታችን ስታርፍ መጣ። ለቅሶው ላይ ያች የጎረቤት ልጅ፣ አድጋ፣ «ያንተን መላላጫ የምበላው እኔ ነበርኩ» አለችው። ዞር ብሎ አየኝ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ረስታኛለች ብዬ ኖርኩ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እናንተ ዛሬ አንድ የአበባ ምስል ለመቶ ሰው በቴሌግራም ትልካላችሁ። እኔ ይሄን ሰላምታ አልለውም። ግን የኔስ ደብዳቤ ከዚያ በምን ተሻለ?

ልጄ፣ «ያላንተ አይበላም» አትበይው። ይበላል፣ እሱም ያውቃል። የሆነውን ጻፊለት። «እንኳን ጾመ ልጓሙን ፈታልህ። ዘንድሮ ዶሮውን የባረከው አጎታችን ነው። እማዬ ወጡን ስታወጣ ስምህን ጠራች። ቦታህ ላይ ትንሿ እህታችን ተቀመጠች።» ይሄ ይበቃል። የዶሮውን ፎቶ ግን እኛ ስንገድፍ አትላኪ። ያን ሰዓት ዋሽንግተን ገና የቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ የሚጾም ከሆነ ጾም ላይ ነው።

እኔ አሁን ለወንድሜ በቪዲዮ የምደውለው እሁድ በኛ 8 ሰዓት ነው። እዚያ ይነጋለታል። ባለቤቴ ትንሿን ሳህን ታቀርባለች። እሱም ገና ከሰላምታው፣ «እስቲ ክዳኑን አንሳልኝ» ይለኛል።