የሶዲየም አሲቴት ፒኤች፦ ስሌቱ 8.87 ሲል ሜትሩ ለምን ዝቅ ይላል?

ውድ የኬሚስትሪ ወጣቶች፣

የሶዲየም አሲቴት ሶሉሽን ፒኤች በወረቀት ላይ በጥቂት መስመር ተሰልቶ ያልቃል። ላቦራቶሪ ገብታችሁ ስትለኩት ግን ያሰላችሁት ቁጥር ብዙ ጊዜ አይመጣም። ያን ጊዜ አንዳንዱ ቀመሩን ይጠራጠራል፣ አንዳንዱ ሜትሩ ተበላሽቷል ይላል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ደህና ናቸው። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ አንድ በአንድ ላሳያችሁ።

ከስሌቱ እንነሳ። ጨው ሁሉ ገለልተኛ ሶሉሽን ይሰጣል ብላችሁ አታስቡ። ሶዲየም አሲቴት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ይለያያል። የሶዲየም አዮኑ በፒኤች ላይ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሥራው ሁሉ የአሲቴት ነው። አሲቴት የደካማው አሴቲክ አሲድ ተጣማጅ ቤዝ ስለሆነ ከውሃ ፕሮቶን ይወስዳል፦

CH3COO⁻ + H2O ⇌ CH3COOH + OH⁻

ሃይድሮሊሲስ የምንለው ይኸው ነው። የአሴቲክ አሲድ Ka በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.8 × 10⁻⁵ ነው። እኛ የሚያስፈልገን ግን የአሲቴቱ Kb ነው፤ እሱም Kw ለ Ka ሲካፈል ይገኛል፣ ማለትም 5.6 × 10⁻¹⁰። ሶሉሽኑ 0.10 ሞላር ከሆነ፦

[OH⁻] = √(5.6 × 10⁻¹⁰ × 0.10) = 7.5 × 10⁻⁶

ስለዚህ pOH 5.13፣ ፒኤች ደግሞ 8.87 ይሆናል።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚጥል አንድ ወጥመድ አለ። Kb ማስገባት ሲገባችሁ ሳታስቡ Ka ብታስገቡና የሥሩን ውጤት እንደ H⁺ ብትቆጥሩት፣ የምታገኙት 2.87 ነው። ይህ የ0.10 ሞላር አሴቲክ አሲድ ፒኤች እንጂ የጨዉ አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያሉት አሃዞች ከትክክለኛው መልስ ጋር አንድ ዓይነት መሆናቸው ዓይን ያታልላል። የአሲዱና የጨዉ ፒኤች ልዩነት በግምት 7 + log C ስለሆነ፣ C 0.10 ሲሆን ልዩነቱ ልክ 6 ይመጣል። ሌላው ስህተት pOH ላይ ቆሞ 5.13ን ፒኤች ነው ብሎ መጻፍ ነው። ለሁለቱም መፈተሻው አንድ ነው፦ የንጹሕ ሶዲየም አሲቴት ሶሉሽን ቤዛዊ መሆን አለበት። መልሳችሁ ከ7 በታች ከወረደ ሳታስረክቡ ወደ ኋላ ተመለሱ።

አሁን 7.5 × 10⁻⁶ የሚለውን ቁጥር ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። 0.10 ሞላር አሲቴት አለ፤ ከእሱ ውስጥ ሃይድሮላይዝ የሆነው ከሚሊዮኑ 75ቱ ብቻ ነው። ፒኤቹን የሚወስነው ይህች ጥቂት ናት። ስለዚህ በሶሉሽኑ ውስጥ ከሊትር ጥቂት ማይክሮሞል የሚደርስ ማንኛውም ባዕድ አሲድ ከእሷ ጋር እኩል ይፎካከራል። በላቦራቶሪ የሚገጥማችሁ ችግር አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

የመጀመሪያው ተፎካካሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አየር ሲነካው የቆየ የተጣራ ውሃ በሊትር 1.3 × 10⁻⁵ ሞል ያህል የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ከምንጠብቀው ሃይድሮክሳይድ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ውሃ የሠራችሁት 0.10 ሞላር ሶሉሽን ቢሰላ 8.5 አካባቢ ይመጣል። ሶሉሽኑን በክፍት ቢከር ትታችሁት ከአየሩ ጋር ሙሉ በሙሉ እስኪመጣጠን ቢቆይ ደግሞ ወደ 7.5 ይወርዳል። ሜትሩ ላይ ቁጥሩ ሳይረጋ ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲንሸራተት ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። ኤሌክትሮዱ ላይ አትፍረዱ።

ሁለተኛው ተፎካካሪ ከጨዉ ጋር የመጣ ነፃ አሴቲክ አሲድ ነው። ከሺህ ሞል ጨው ጋር አንድ ሞል አሲድ ብቻ ቢቀላቀል ፒኤቹ 7.74 ይሆናል። ከ8.87 ከአንድ አሃድ በላይ ወረደ ማለት ነው። ሚዛን ላይ የማይታይ መጠን ነው፤ ፒኤች ላይ ግን ጎልቶ ይታያል።

ሁለቱን ለመለየት እንዲህ አድርጉ። የተጣራ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል አፍሉና ከድኑት፤ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። 250 ሚሊ ሊትር 0.10 ሞላር ለመሥራት ሦስት ሞለኪውል ውሃ ካለበት ጨው 3.40 ግራም፣ ውሃ ከሌለው ጨው ደግሞ 2.05 ግራም መዝኑ። በቀዝቃዛው ውሃ አሟሙና በቮልዩሜትሪክ ፍላስክ እስከ ምልክቱ ሙሉ፤ ወዲያው ክደኑት። ሜትሩን በ7.00 እና በ10.01 በፈር አስተካክሉት፤ በ4 እና በ7 ብቻ ካስተካከላችሁት የምትለኩት ከተስተካከለው ክልል ውጭ ይሆናል። ኤሌክትሮዱን በደንብ እጠቡት፣ ምክንያቱም አንድ ጠብታ የበፈር ቅሪት እንኳ ይህን ሶሉሽን ያናውጠዋል። ንባቡ 8.7 እና 8.9 መካከል ከመጣ ሥራችሁ ጥሩ ነው። አዮኖቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጎታተቱ ንጹሕ ሶሉሽንም ቢሆን ከቀላሉ ስሌት በ0.1 ያህል ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። በተፈላ ውሃ ተሠርቶም 8 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከቀረ ግን ጥፋቱ የጨዉ ነው፤ ሌላ ጠርሙስ ሞክሩ።

ስለ ጨዉ ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህ ስህተት በፒኤች አይጋለጥም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ ውሃ ካለበት ጨው 2.05 ግራም ብትመዝኑ ሶሉሽናችሁ 0.10 ሳይሆን 0.060 ሞላር ይሆናል። ፒኤቹ ግን የሚወርደው ወደ 8.76 ብቻ ነው፤ ኮንሰንትሬሽኑ ሥር ውስጥ ስለሚገባ የ40 ከመቶ ስህተት በፒኤች ላይ 0.11 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፒኤቹ ተቀራርቦ መጣ ብላችሁ ኮንሰንትሬሽኑም ልክ ነው አትበሉ። ያንን የሚነግራችሁ የሞላር ማሱ ነው፦ 136.08 ወይስ 82.03 የሚለውን ከመመዘናችሁ በፊት ጠርሙሱ ላይ አንብቡ።

ቀመሩ ራሱም ወሰን አለው። ሶሉሽኑን እስከ 1.0 × 10⁻⁵ ሞላር ብታቀጥኑትና ያንኑ ቀመር ብትጠቀሙ ፒኤች 6.87 ይላችኋል። ቤዝ ውሃ ላይ ጨምሮ አሲዳዊ ሶሉሽን ማግኘት አይቻልም። የተዘነጋው ውሃው ራሱ የሚሰጠው ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በ0.10 ሞላር ላይ ከቁጥር የማይገባው ይህ መጠን እዚህ ከአሲቴቱ ድርሻ ይበልጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ሶሉሽን ሥሩ ውስጥ Kw ጨምሩበት፦

[OH⁻] = √(Kb × C + Kw)

ውጤቱ 1.25 × 10⁻⁷፣ ፒኤቹም 7.10 ይሆናል። እስከ 0.001 ሞላር ድረስ የKw ጭማሪ ፒኤቹን በ0.01 እንኳ አይለውጠውም፤ ከዚያ በታች ስትወርዱ ግን ሁልጊዜ አስገቡት።