ማህተም ያረፈበት ደረሰኝ ኦሲአርን ለምን ያሳስተዋል? ጥያቄና መልስ

የአቅራቢዎችን ደረሰኝ ስካን አድርጌ፣ ከምስል ላይ ፊደል በሚያነብ ፕሮግራም፣ ማለትም በኦሲአር፣ አስነብቤ ወደ ሒሳብ መዝገብ አስገባለሁ። የዕለት ሥራዬ ነው። የጠየቃችሁኝን እነሆ።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ንጹሑን ደረሰኝ ጥርት አድርጎ ያነባል። ማህተም ያለበት ላይ ግን ጠቅላላ ዋጋውን ያበላሸዋል። ምን ሆኖ ነው?

ማህተሙ ሰማያዊ፣ ጽሑፉ ጥቁር ነው። ለዓይናችን ሁለት ነገር ናቸው። ቴሰራክትን የመሰለ ፕሮግራም ግን ከማንበቡ በፊት ገጹን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጠዋል። ያኔ የማህተሙ ቀለበትና የፊደሉ እግር አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ።

የእኛ ፊደል ላይ ጉዳቱ ይብሳል። የ«በ» ቀኝ እግር ግርጌ ላይ የማህተም ጭረት ቢያርፍ «ቢ» ይሆናል። ወገቡ ላይ ቢያርፍ ደግሞ «ቡ»። ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ 6 ላይ ቅስት ካረፈበት 8 ይመስላል። ማህተም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ከታች፣ ድምሩና ፊርማው አካባቢ ነው። በጣም የምንፈልገው ቁጥር ያለው እዚያው ነው።

የአይቲ ባለሙያ፦ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስካነሩን 600 ዲፒአይ ላይ አድርጉት።

ግማሹ ልክ ነው። ገጹን በ150 ሳይሆን በ300 ዲፒአይ ብትቃኙት ልዩነቱ ይታያል። ከዚያ በላይ ግን ማህተሙም አብሮ ይጠራል እንጂ ከፊደሉ አይለይም። ከዲፒአይ ይልቅ ስካነሩ በከለር መቃኘቱን አረጋግጡ። አንዴ በጥቁርና ነጭ ከተቃኘ ቀለሙ ጠፍቷል፤ ወደኋላ መመለስ የለም።

ጀማሪ ፕሮግራመር፦ እሺ፣ ከለር ካለኝ ማህተሙን እንዴት ላጥፋው?

ሰማያዊ ቀለም በሰማያዊው ቻናል ውስጥ ፈዝዞ ወደ ነጭ ይጠጋል። ጥቁሩ ጽሑፍ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ያንን ቻናል ብቻ በImageMagick አውጥተህ በቴሰራክት አስነብበው፦

```
magick in.png -channel B -separate b.png
tesseract b.png out -l amh+eng --psm 6 tsv
```

ለቀይ ማህተም `B`ን በ`R` ተካው። ሐምራዊም ከሆነ መጀመሪያ `B`ን ሞክር። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ደረሰኙ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከተሞላ፣ ጽሑፉም ከማህተሙ ጋር አብሮ ይጠፋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ባዶ ሆኖ የወጣልኝን ገጽ ይዤ ግማሽ ቀን ያህል ስካነሩን ስወቅስ ነበር። ጥቁር ማህተም በጥቁር ጽሑፍ ላይ ካረፈ ደግሞ ይህ ዘዴ አይሠራም።

የግዥ ክፍል ሠራተኛ፦ ታዲያ ማህተሙ ፎርጅድ መሆኑንም ይነግረናል?

አይነግርም። ኦሲአር ፊደል ብቻ ነው የሚፈልገው።

የሱቅ ባለቤት፦ የእኔ ደረሰኞች በእጅ የተሞሉ ናቸው፤ ካርቦን ኮፒም አለበት። አንድም በትክክል አልወጣልኝም።

እዚህ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ቴሰራክት የተማረው የታተመ ፊደል ነው። በታተመ ገጽ ላይ አንድ «ለ» ከሌላው «ለ» ጋር ይመሳሰላል። በእጅ ሲጻፍ ግን የእርስዎና የእኔ «ለ» አይገናኝም። 1 እና 7ማ በካርቦን ላይ ሰውም ይሳሳትባቸዋል። ጽሑፉ ከመስመሩ ሲወጣ ደግሞ ፕሮግራሙ ሁለት ረድፍ ያደባልቃል።

የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡ ሌሎች ሞዴሎች አሉ። ለአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ግን ያለ ሰው ዓይን የማምነው እስካሁን አላገኘሁም። እኔ የታተመውን ክፍል ለማሽን፣ የተጻፈውን ለሰው አካፍዬ ነው የምሠራው።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ስህተቱን ሳላየው እንዳያልፈኝ እንዴት ልያዘው?

ከላይ ያለው ትዕዛዝ በሚያወጣው `out.tsv` ውስጥ `conf` የሚል ዓምድ አለ፤ ፕሮግራሙ በንባቡ ምን ያህል እንደሚተማመን ያሳያል። ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ቃል ለሰው አሳይ። በሱ ብቻ ግን አትተማመን። ቅስት የዘጋው 6 ፍጹም 8 ስለሚመስል፣ ፕሮግራሙ ሳይጠራጠር ሊጽፈው ይችላል።

አስተማማኙ ሒሳቡ ራሱ ነው። አንድ ደረሰኝ እንዲህ ወጣልኝ፦ ከቫት በፊት 12,400፣ ቫት 1,860፣ ጠቅላላ 14,280። የ12,400 አሥራ አምስት በመቶ 1,860 ነው፤ ሁለቱ ተስማሙ። ሲደመሩ ግን 14,260 ነው። ስለዚህ የተበላሸው ጠቅላላው ነው። ስካኑን ሳየው ማህተሙ 6ቱ ላይ ተጋድሟል። ቅናሽ ወይም ቫት የማይነካው ዕቃ ያለበት ደረሰኝ ግን ትክክል ተነቦም ላይገጥም ይችላል፤ እሱን ለሰው ተወው።

ሌላ አባል፦ የካሽ ማሽን ወረቀትስ? በሁለት ወሩ ይነጣብኛል።

ከነጣ በኋላ ኦሲአር የሚያነበው ነገር የለም። በደረሰህ ቀን ቃኘው። ማህተምና ቲን ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ሲደራረቡ ግን እኔም እስካሁን ዘዴ አላገኘሁለትም። አሥሩን አኃዝ ከአቅራቢዎች ዝርዝራችን ጋር አመሳስላለሁ፤ አዲስ አቅራቢ ከሆነ ስልክ እደውላለሁ። የተሻለ ያገኘ ካለ እስቲ ይጻፍልን።