መልስ፦ ቦሎቄው ምግቡን የሚሠራው ቅጠሉ ላይ ነው

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ 7ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹ "ተክል ምግቡን ከአፈር ነው የሚያገኘው" ብለው ድርቅ አሉ። ምን ላሳያቸው?»

መምህር፣ ልጆቹ ግማሽ እውነት አላቸው። ከአፈር ውሃና ጥቂት ማዕድን ይገባል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ከአየር፣ በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው የሚገባው። አረንጓዴው ክሎሮፊል ብርሃን ይይዛል። በዚያ ጉልበት ውሃው ይሰነጠቃል፤ ኦክስጅኑ ይወጣል። ሃይድሮጅኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር ተዋህዶ ስኳር ይሆናል፦

6CO2 + 6H2O → C6H12O6 + 6O2

ትርፉን ስኳር ቅጠሉ ስታርች አድርጎ ያስቀምጠዋል። ማሳየት የሚችሉት ይህንን ነው።

በቆርቆሮ የተተከለ ቦሎቄ ሁለት ቀን ጨለማ ክፍል ያቆዩ፤ የቆየው ስታርች ይለቃል። ከዚያ የአንዱን ቅጠል መሃል በጥቁር ወረቀት ከላይም ከታችም ሸፍነው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ያውሉት። ቅጠሉን ቆርጠው ወረቀቱን ያንሱ፤ አንድ ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይቀቅሉት። ቀጥሎ አልኮል ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ያድርጉትና ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡ። አደራ፣ እሳቱን ቀድመው ያጥፉ፤ አልኮል ቶሎ ይቀጣጠላል። አረንጓዴው ሲለቅ በውሃ አለስልሰው አዮዲን ያንጠባጥቡበት።

ፀሐይ ያገኘው ክፍል ስታርች ስላለው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይቀየራል። የተሸፈነው የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ይቀራል፤ አፈሩና ውሃው ግን ለሁለቱም አንድ ነበር። ሁሉም ከጠቆረ የጨለማው ጊዜ አንሷል ማለት ነው። በክረምቱ ደመና ውጤቱ ይደበዝዛል፤ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ቢሞክሩት ይሻላል።

«ማዳበሪያስ?» ማለታቸው አይቀርም። ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ተክሉ ክሎሮፊል የሚሠራበት ነው። ያላገኘ በቆሎ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው።